የዓለም አቀፍ ሕግ ፈተና ላይ ኬዝ ሲመጣ ከየት ይጀመራል? አንድ ጥያቄ ከነመልሱ

ደብረ ማርቆስ ላይ የፈተና ሰሞን ሲደርስ የሚመጣልኝ ጥያቄ ያው ነው። "መምህር፣ አንቀጾቹን አውቃቸዋለሁ፤ ኬዙ ሲመጣ ግን ከየት ልጀምር?" ባሕር ዳር የሚማሩትም ደውለው የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። በተለይ የመንግሥታት ኃላፊነት፣ ሪዘርቬሽንና የክርክር አፈታት አንድ ላይ ተጠቅልለው ሲመጡ ብዙ ተማሪ ግራ ይጋባል። ከዚያ ሦስት ለየብቻቸው የቆሙ ድርሰቶች ጽፎ ይወጣል። ነጥቡ የሚፈሰው እዚያ ላይ ነው።

ሦስቱ አንድ ሰንሰለት ናቸው። ሪዘርቬሽኑ የትኛው ግዴታ በሁለቱ ሀገሮች መካከል እንዳለ ይነግረናል። የኃላፊነት ሕጉ ያ ግዴታ መጣሱንና ጥሰቱ ለማን እንደሚቆጠር ይነግረናል። የክርክር አፈታቱ ደግሞ ይህን ማን ሊወስን እንደሚችል ይነግረናል። መልሳችሁ በዚህ ቅደም ተከተል ከሄደ አንዱ ለሌላው መሠረት ይሆናል። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድ።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- የ1961ዱ የዲፕሎማቲክ ግንኙነት የቪየና ስምምነት፦ በተለይ አንቀጽ 9፣ 22፣ 27 እና 29።
- የዚሁ ስምምነት አማራጭ ፕሮቶኮል፦ አጭር ናት፣ ሙሉዋን አንብቧት።
- የ1969ኙ የስምምነቶች ሕግ የቪየና ስምምነት፦ አንቀጽ 2(1)(መ) እና ከ19 እስከ 23።
- የዓለም አቀፍ ሕግ ኮሚሽን በ2001 ያወጣቸው የመንግሥታት ኃላፊነት አንቀጾች።
- የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር አንቀጽ 33፣ እና የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ስታቲዩት አንቀጽ 36 እና 41።
- አንድ ነጭ ወረቀት ለረቂቅ። ፈተናው በእንግሊዝኛ ቢሆንም ረቂቁን በአማርኛ ብትሠሩት ምንም አይደለም፤ እንዲያውም ሐሳቡ ቶሎ ይጠራል።

ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄው

ሙጋና ጨሞጋ የሚባሉ ሁለት ሀገሮች አሉ እንበል። ስማቸውን ከእኛው ወንዞች ነው የወሰድኩት፤ ሀገሮቹ ፈጠራ ናቸው። ሁለቱም ከላይ የዘረዘርኳቸው ስምምነቶችና የፕሮቶኮሉ አባል ናቸው። ሙጋ ወደ 1961ዱ ስምምነት ስትገባ በአንቀጽ 27(3) ላይ ሪዘርቬሽን አስመዝግባለች፦ "የዲፕሎማቲክ ቦርሳ የተከለከለ ነገር እንደያዘ ጠንካራ ጥርጣሬ ካለን፣ የላኪው ሀገር ተወካይ ባለበት እንከፍተዋለን፤ ተወካዩ እንቢ ካለ ቦርሳው ወደመጣበት ይመለሳል።" ጨሞጋ ይህን በተነገራት በስምንተኛው ወር ተቃውሞዋን አስገባች። ሆኖም "ስምምነቱ በመካከላችን እንዳይጸና አልፈልግም" ብላለች።

ሰኞ የሙጋ ጉምሩክ ሠራተኞች የጨሞጋን ቦርሳ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ማንንም ሳይጠሩ ከፈቱት። ወርቅ ተገኘበት። ማክሰኞ ወሬውን የሰማ ሕዝብ የጨሞጋን ኤምባሲ ከበበ። ኤምባሲው ለፖሊስ ሁለት ጊዜ ደወለ። ፖሊሶቹ ከመንገዱ ማዶ ቆመው አዩ። ሕዝቡ ገባ፤ ሦስት ዲፕሎማቶች ውስጥ ታገቱ። ማታ አንድ ሚኒስትር በቴሌቪዥን "በወጣቶቻችን ኮርተናል" አለ። ሐሙስ ደግሞ ፕሬዚዳንቱ "ጨሞጋ ይቅርታ እስክትጠይቅ ወጣቶቹ ኤምባሲውን ይዘው፣ ሰዎቹም እዚያው ይቆያሉ" ሲል ወሰነ። ዓርብ ጨሞጋ በበኩሏ የሙጋን ሁለተኛ ጸሐፊ አሰረች፤ "አጸፋ ነው" አለች። ከዚያም ጉዳዩን ወደ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ወሰደችው።

ሙጋ እንዲህ ትከራከራለች፦ ሪዘርቬሽን አለኝ፤ ኤምባሲውን የያዙት የግል ሰዎች ናቸው፤ የፖሊስ አዛዡ "ጠብቁ" የሚል ትእዛዝ ተሰጥቶት ነው የጣሰው፤ ኤምባሲው ኮንትሮባንድ ይሠራ ነበር፤ ደግሞም ድርድር አልተሞከረም፣ የጸጥታው ምክር ቤትም ጉዳዩን ይዞታል። ተንትኑ።

ደረጃ 1፦ ድርጊቶቹን ለዩ እንጂ ርዕሶቹን አትለዩ

መጀመሪያ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አንብቡ። የምትመልሱት እሷን ነው። ከዚያ ረቂቁ ላይ እያንዳንዱን ድርጊት በአንድ መስመር ጻፉ፦ የቦርሳው መከፈት፣ የፖሊስ ዝምታ፣ የሕዝቡ መግባት፣ የሚኒስትሩ ንግግር፣ የፕሬዚዳንቱ ውሳኔ፣ የጨሞጋ እስር። ወርቁንም ጨምሩ፤ እሱ የጨሞጋ ድርጊት ነው።

ለምን ይጠቅማል? ኃላፊነት የሚመረመረው በድርጊት በድርጊት ነው። "የኤምባሲው ጉዳይ" ብላችሁ በጅምላ ከያዛችሁት ፖሊስንና ሕዝቡን ትቀላቅላላችሁ። ሁለቱ ደግሞ መልሳቸው የተለያየ ነው።

ደረጃ 2፦ የትኛው ግዴታ አለ? ሪዘርቬሽኑ የሚገባው እዚህ ነው

ሪዘርቬሽኑን እንደ መከላከያ መጨረሻ ላይ የሚያመጡት ብዙ ናቸው። ቦታው ግን መጀመሪያ ላይ ነው። ግዴታው ራሱ ካልታወቀ ተጣሰ አልተጣሰም ማለት አይቻልም።

ጥያቄዎቹን በቅደም ተከተል ጠይቁ። አንደኛ፣ በሰዓቱ ነው ወይ የቀረበው? በ1969ኙ ስምምነት አንቀጽ 2(1)(መ) መሠረት ሪዘርቬሽን የሚቀርበው ስምምነቱ ሲፈረም፣ ሲጸድቅ ወይም ሀገሪቱ ስትቀላቀል ነው። ሙጋ ስትገባ ስላቀረበችው ይህን አልፏል። ሁለተኛ፣ ስምምነቱ ይከለክላል ወይ? የ1961ዱ ስምምነት ስለ ሪዘርቬሽን ዝም ነው ያለው። ስለዚህ መለኪያው የ1969ኙ ስምምነት አንቀጽ 19(ሐ) ላይ ያለው ነው፦ ከስምምነቱ ዓላማና ግብ ጋር ይጋጫል ወይ? ይህ መለኪያ የመጣው ፍርድ ቤቱ በ1951 ስለ ዘር ማጥፋት ስምምነት ሪዘርቬሽኖች ከሰጠው የምክር አስተያየት ነው።

እዚህ ላይ ሁለቱንም ወገን አሳዩ። ጨሞጋ "27(3) ቦርሳው አይከፈትም፣ አይያዝም ነው የሚለው፤ ይህ የዲፕሎማሲ ምስጢር ዋልታ ነው" ትላለች። ሙጋ ደግሞ ጥሩ መልስ አላት። የ1963ቱ የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት በአንቀጽ 35(3) ለቆንስላ ቦርሳ ልክ እሷ ያለችውን ሥርዓት ይፈቅዳል፦ ተወካዩ ባለበት ይከፈታል፣ እንቢ ካለ ይመለሳል። ሀገሮች ለቆንስላ የተቀበሉት ነገር የዲፕሎማሲን ዓላማ ያፈርሳል ማለት ይከብዳል። በገሃዱ ዓለምም ባህሬን በ27(3) ላይ ተመሳሳይ ሪዘርቬሽን አስመዝግባ በርካታ ሀገሮች ተቃውመዋታል። እንግዲህ ክርክሩ ክፍት ነው። ለእኔ የሙጋ ሐሳብ ትንሽ ያመዝናል። እናንተ ሌላውን ብትመርጡ ነጥብ አይቀነስባችሁም፤ ምክንያቱን ካልጻፋችሁ ግን ይቀነሳል።

ሦስተኛ፣ ተቃውሞው ምን አመጣ? ጨሞጋ በ12 ወር ውስጥ ስለተቃወመች በአንቀጽ 20(5) መሠረት እንደተቀበለች አትቆጠርም። ስምምነቱ በመካከላቸው እንዲጸና ግን ፈቅዳለች። ስለዚህ የምንሄደው ወደ አንቀጽ 21(3) ነው፦ ሪዘርቬሽኑ የሚመለከተው ድንጋጌ በሁለቱ መካከል *በሪዘርቬሽኑ ልክ* አይሠራም።

"በሪዘርቬሽኑ ልክ" የሚለውን አስምሩበት። ተማሪዎች አንቀጽ 27(3) ሙሉ በሙሉ ጠፋ ብለው ይጽፋሉ። አልጠፋም። ጎረቤታችሁ በማሳው ጠርዝ የእግር መንገድ ቢፈቅድላችሁ በመሐል በሬ ነድታችሁ እለፉ አላለም። ሙጋ ያስያዘችው ተወካይ ባለበት ብቻ መክፈትን ነው። ከዚያ ውጪ ያለው የ27(3) ክልከላ እንዳለ ነው።

እና አሁን ደስ የሚለው ነገር ይመጣል። ሰኞ ቦርሳው ሲከፈት የጨሞጋ ተወካይ አልተጠራም። ስለዚህ ሪዘርቬሽኑ ዋጋ ቢኖረውም፣ ባይኖረውም ሙጋ ጥሳለች። ይህን በግልጽ ጻፉት፦ "የሪዘርቬሽኑን ተቀባይነት መወሰን ሳያስፈልግ፣ ሙጋ ራሷ ያስቀመጠችውን ሁኔታ ስላላሟላች አንቀጽ 27(3) ተጥሷል።" አንድ አስተካካይ ይህን ሲያነብ ተማሪው ኬዙን እንዳነበበ ያውቃል።

ማስጠንቀቂያ፦ ሪዘርቬሽኑ 27(3)ን ብቻ ነው የሚነካው። አንቀጽ 22 እና 29 ላይ ምንም አያደርግም። ለኤምባሲው መያዝ ሪዘርቬሽኑን የምትጠቅሱ ከሆነ ቆም በሉ።

ደረጃ 3፦ ድርጊቱ ለማን ይቆጠራል?

የኮሚሽኑ አንቀጽ 2 ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ ድርጊቱ ለመንግሥት የሚቆጠር መሆኑን፣ ግዴታ መጣሱን። ግዴታውን ስላወቅን አሁን የመጀመሪያውን እንይ።

ጉምሩኩ ቀላል ነው። የመንግሥት አካል ነው፣ አንቀጽ 4። በአንድ መስመር እለፉት።

ፖሊስም የመንግሥት አካል ነው። የተከሰሰበት ድርጊት ግን መሥራት ሳይሆን አለመሥራት ነው። አንቀጽ 2 "ድርጊት ወይም ቸልታ" ስለሚል ይህ ችግር የለውም። "አዛዡ ትእዛዝ ጥሶ ነው" የሚለው ክርክርስ? አንቀጽ 7 የመንግሥት አካል በሥራው ላይ እያለ ትእዛዝ ቢጥስም ድርጊቱ ለመንግሥት ይቆጠራል ይላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ይህ ባይሆን ማንኛውም መንግሥት ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ሻለቃ ላይ ጥሎ ይወጣል፤ የተጎዳው ሀገር ደግሞ የውስጥ ትእዛዞችን መመርመሪያ መንገድ የለውም።

ጉድ የሚፈላው ሕዝቡ ላይ ነው። ማክሰኞ የገቡት የግል ሰዎች ናቸው። ዜግነታቸው የሙጋ መሆኑ ብቻውን ምንም አያመጣም። የሙጋ መንግሥት አዟቸዋል ወይም መርቷቸዋል የሚል ነገር ኬዙ ውስጥ ስለሌለ አንቀጽ 8 አይሠራም። የ1986ቱን የኒካራጓ ፍርድ እዚህ የሚዘረግፍ አለ። አያስፈልግም፤ "የመምራት ወይም የመቆጣጠር ፍሬ ነገር የለም" ይበቃል።

ከዚያ ወደ አንቀጽ 11 ሂዱ፦ መንግሥት የሰዎችን ድርጊት የራሱ አድርጎ ከተቀበለ ይቆጠርበታል። የሚኒስትሩ "ኮርተናል" ይህን ያሟላል? የቴህራን ኤምባሲ ጉዳይ መልሱን ይሰጣል። ኅዳር 4 ቀን 1979 ተማሪዎች የአሜሪካን ኤምባሲ ያዙ። ፍርድ ቤቱ በ1980 ሲወስን ጉዳዩን ለሁለት ከፈለው። በመጀመሪያው ምዕራፍ ከባለሥልጣናት የመጣው ሙገሳ ድርጊቱን የመንግሥት አላደረገውም። በኅዳር 17 ግን አያቶላ ኾሜኒ ኤምባሲውና ታጋቾቹ አሜሪካ ሻሁን እስክታስረክብ ድረስ እንዲቆዩ ወሰኑ። ያን ጊዜ ድርጊቱ የኢራን መንግሥት ድርጊት ሆነ፣ ያገቱትም ሰዎች እንደ መንግሥት ወኪል ተቆጠሩ።

በእኛ ኬዝ የሚኒስትሩ ንግግር ሙገሳ ብቻ ነው። የፕሬዚዳንቱ የሐሙስ ንግግር ግን "ይዘው ይቆያሉ" የሚል ውሳኔ ነው፤ ሁኔታውን ለማስቀጠልና ለመጠቀም የተሰጠ። ስለዚህ ከሐሙስ ጀምሮ ይዞታውና እገታው የሙጋ ነው። ማክሰኞና ረቡዕስ? እዚያ ሙጋ በሕዝቡ ድርጊት አትጠየቅም፤ በፖሊሷ ዝምታ ግን ትጠየቃለች። ክፍተት የለም ማለት ነው።

እንዲህ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፦

"የማክሰኞው ወረራ የተፈጸመው በግል ሰዎች ስለሆነ በራሱ ለሙጋ አይቆጠርም። ሆኖም ፖሊስ ሁለት ጊዜ ጥሪ ደርሶት አለመንቀሳቀሱ በአንቀጽ 4 እና 7 መሠረት የሙጋ ቸልታ ነው። የሚኒስትሩ ሙገሳ ድርጊቱን የመንግሥት አያደርገውም። ፕሬዚዳንቱ ይዞታው እንዲቀጥል መወሰናቸው ግን በአንቀጽ 11 መሠረት ድርጊቱን የሙጋ አድርጎታል።"

አራት ዓረፍተ ነገር ነው። ፍሬ ነገር፣ ደንብ፣ መደምደሚያ አለው።

ደረጃ 4፦ ጥሰቱን ከአንቀጹ ቃል ጋር አገናኙት

ለኤምባሲው አንቀጽ 22(2) አለ፦ ተቀባዩ ሀገር ኤምባሲውን ከወረራና ከጉዳት ለመጠበቅ ተገቢውን እርምጃ ሁሉ የመውሰድ ልዩ ግዴታ አለበት። ግዴታው ውጤት ማስገኘት አይደለም፤ መጣር ነው። ስለዚህ "ሕዝቡ ገብቷልና ተጥሷል" አይበቃም። መጻፍ ያለበት ፖሊስ ማወቁ (ሁለት ጥሪ)፣ አቅም ያለው መሆኑ (ቦታው ላይ ቆሟል)፣ እና ምንም አለማድረጉ ነው። ከሐሙስ በኋላ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ሙጋ ራሷ ይዛዋለችና 22(1) እና ለታጋቾቹ አንቀጽ 29 በቀጥታ ተጥሰዋል።

ወርቁን አትርሱ። አንቀጽ 27(4) ቦርሳው የዲፕሎማሲ ሰነድና ለሥራ የሚውል ዕቃ ብቻ ይያዝ ይላል። ጨሞጋም ጥፋት አለባት። ወርቁ መገኘቱ ግን የሙጋን ጥሰት ወደ ኋላ ተመልሶ አያጸዳውም።

ደረጃ 5፦ ማመካኛዎቹንና አጸፋውን መርምሩ

ሙጋ "ኮንትሮባንድ ይሠሩ ነበር" ስትል ምን ማለቷ ነው? ጥፋታቸው የእኔን ግዴታ ያነሳል ማለቷ ነው። በቴህራን ጉዳይ ኢራንም አሜሪካ ትሰልል ነበር ብላ ነበር። ፍርድ ቤቱ የዲፕሎማሲ ሕግ መድኃኒቱን በራሱ ውስጥ ይዟል አለ፦ ዲፕሎማቱን በአንቀጽ 9 ተቀባይነት የለህም ብሎ ማስወጣት፣ ካልሆነም ግንኙነቱን ማቋረጥ። ኤምባሲ መያዝ ከመድኃኒቶቹ ውስጥ የለም።

ጨሞጋም በዚሁ መንገድ ትወድቃለች። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል፤ ጨሞጋ ተበዳይ ስለሆነች እስሯን በልቡ ይፈቅድላታል። ሙጋ ቀድማ ስላጠፋች አጸፋ መውሰድ በመርህ ደረጃ ይቻላል። የኮሚሽኑ አንቀጽ 50(2)(ለ) ግን አጸፋ የዲፕሎማቶችን አይደፈሬነት መንካት አይችልም ይላል። ስለዚህ ሁለተኛ ጸሐፊውን ማሰር አንቀጽ 29ን መጣስ ነው፣ ጨሞጋም ትጠየቃለች። ማስወጣት ትችል ነበር። ወይም፣ አንቀጽ 52 እንደሚለው ሙጋን አስጠንቅቃና ድርድር አቅርባ፣ ከዲፕሎማሲ ውጪ ያለ ሌላ ግዴታዋን፣ ለምሳሌ የንግድ ውል፣ በተመጣጣኝ መጠን ልታግድ ትችል ነበር።

ደረጃ 6፦ መዘዙ ምንድን ነው?

ይህን አጭር አድርጉት። ድርጊቱ ገና እየቀጠለ ስለሆነ ቀዳሚው ማቆም ነው፣ አንቀጽ 30። ሙጋ ኤምባሲውን ታስረክባለች፣ ሰዎቹን ትለቃለች። ከዚያ በአንቀጽ 31 ሙሉ ማካካሻ ይከተላል፤ ለተሰባበረው ንብረት ካሣ፣ ለቦርሳውም ቢያንስ ጥፋቱን ማመን። ጨሞጋም ሁለተኛ ጸሐፊውን ትፈታለች።

"የሀገር ውስጥ ፍርድ ቤቶች አልተሞከሩም" የሚል ክርክር ካነሳችሁ በፍጥነት ዝጉት። የተበደለው በቀጥታ መንግሥቱ ነው፤ ያ መስፈርት ለዜጎች ጥበቃ የሚውል ነው።

ደረጃ 7፦ ማን ይወስናል?

ሁለቱም የተባበሩት መንግሥታት አባል ስለሆኑ ፍርድ ቤቱ ሥልጣን አለው፤ ይህን ዓረፍተ ነገር ስንት ወረቀት ላይ እንዳየሁት! ስህተት ነው። አባል መሆን የስታቲዩቱ ወገን ያደርጋል እንጂ ለክስ ፈቃድ አይሰጥም። ፈቃድ ሁልጊዜ ተለይቶ መገኘት አለበት። የኢትዮጵያና የኤርትራ የካሣ ኮሚሽንም ቢሆን ሥራውን የጀመረው ሁለቱ ሀገሮች በታኅሣሥ 2000 አልጀርስ ላይ ስለተፈራረሙ ነው። ያ ኮሚሽን በ2005 ባሳለፈው የዲፕሎማቲክ ጉዳዮች ውሳኔ ሁለቱንም ወገኖች በተለያዩ ነጥቦች ጥፋተኛ ብሏል፤ "ሁለቱም ሊያጠፉ ይችላሉ" ለሚለው ጥሩ ምሳሌ ነው።

በእኛ ኬዝ ፈቃዱ ያለው አማራጭ ፕሮቶኮሉ አንቀጽ 1 ላይ ነው፦ ስምምነቱን ከመተርጎምና ከመፈጸም የሚነሱ ክርክሮች በፍርድ ቤቱ አስገዳጅ ሥልጣን ሥር ናቸው። ከስታቲዩቱ አንቀጽ 36(1) ጋር አያይዙት። አንቀጽ 36(2)ን ተዉት፤ ኬዙ ስለ መግለጫ ምንም አላለም። ጨሞጋ ስለ አንድ የንግድ ውል ጥሰት ጨምራ ብትከስ ኖሮ ግን ያ ከፕሮቶኮሉ ውጪ ይሆን ነበር።

"ድርድር አልተሞከረም" የሚለውስ? ፕሮቶኮሉ በአንቀጽ 2 እና 3 ወገኖቹ በሁለት ወር ውስጥ ወደ ግልግል ዳኝነት ወይም ወደ ዕርቅ ለመሄድ መስማማት እንደሚችሉ ይናገራል። ቃሉ "ይችላሉ" ነው። በቴህራን ጉዳይም ፍርድ ቤቱ እነዚህ አማራጮች እንጂ ቅድመ ሁኔታ አይደሉም ብሏል። የቻርተሩ አንቀጽ 33ም ድርድርን፣ ሽምግልናን፣ ግልግልን፣ ፍርድ ቤትን ጎን ለጎን ይዘረዝራል፤ ተራ አልሰጣቸውም። ነገር ግን ይህን ወደ ሁሉም ስምምነት አትውሰዱት። ጆርጂያ በሩሲያ ላይ ባቀረበችው ክስ የዘር መድልዎ ስምምነቱ አንቀጽ 22 ድርድር እንዲሞከር ይጠይቅ ስለነበር ጉዳዩ በ2011 በሥልጣን ጥያቄ ወድቋል። የሚወስነው የየስምምነቱ ቃል ነው።

የጸጥታው ምክር ቤት ጉዳዩን መያዙም ፍርድ ቤቱን አያግደውም። ይህም በቴህራን ጉዳይ ተወስኗል። ሦስት ሰዎች ታግተው ስላሉ ጨሞጋ በአንቀጽ 41 ጊዜያዊ እርምጃ እንድትጠይቅ ምከሩ፤ ከ2001ዱ የላግራንድ ፍርድ ወዲህ ይህ ትእዛዝ አስገዳጅ መሆኑ አያከራክርም። ሙጋ በበኩሏ ስለታሰረባት ዲፕሎማት በዚያው ፕሮቶኮል የመልስ ክስ ማቅረብ ትችላለች።

በብዛት የሚታዩ ስህተቶች

- ስለ ሪዘርቬሽን ታሪክ ግማሽ ገጽ መጻፍ። አስተካካዩ ያውቀዋል።
- "ተቃወመች፣ ስለዚህ ስምምነቱ በመካከላቸው የለም" ማለት። ይህ የሚሆነው ተቃዋሚዋ ሀገር በግልጽ ስትል ብቻ ነው፣ አንቀጽ 20(4)(ለ)።
- የውስጥ ሕግን እንደ መከላከያ መቀበል። የኮሚሽኑ አንቀጽ 3 እና 32 ይህን ዘግተውታል።
- ኬዙ ውስጥ የሌለ ፍሬ ነገር መፍጠር። የጎደለ ነገር ካለ "እንዲህ ከሆነ… እንዲያ ከሆነ…" ብላችሁ ለሁለት ክፈሉት።
- የፍርድ ስም ብቻ ጠቅሶ ማለፍ። "ቴህራን ይመልከቱ" ነጥብ አያስገኝም፤ የትኛው ፍሬ ነገር ከኬዙ ጋር እንደሚመሳሰል ተናገሩ።

መምህሩ አንድ ነገር ቢቀይርስ?

የሚወደድ ማጣመሚያ አለ። ጥያቄው ያው ሆኖ "ሙጋ የአማራጭ ፕሮቶኮሉ አባል አይደለችም" ይላችኋል። ወይም ሌላ ስምምነት ያመጣና "ክርክሮች ወደ ፍርድ ቤቱ ይሄዳሉ በሚለው አንቀጽ ላይ ሪዘርቬሽን አድርጋለች" ይላል። ኮንጎ ሩዋንዳን ከሳ በ2006 በተወሰነው ጉዳይ የተፈጠረው ይኸው ነው። ሩዋንዳ በዘር ማጥፋት ስምምነት አንቀጽ 9 ላይ ሪዘርቬሽን ነበራት። ኮንጎ ሪዘርቬሽኑ ከዓላማው ጋር ይጋጫል ብላ ተከራከረች። ፍርድ ቤቱ አልተቀበላትም፤ ሪዘርቬሽኑ የነካው የፍርድ ቤቱን ሥልጣን እንጂ ዘር ማጥፋትን የሚከለክለውን ግዴታ አይደለም አለ።

እንዲህ ያለ ለውጥ ሲመጣ ከደረጃ 1 እስከ 6 ያለውን እንዳለ ጻፉ። ደረጃ 7 ላይ ብቻ መልሱ "ሥልጣን የለም" ይሆናል። ሙጋ ግን አሁንም ኃላፊ ናት። ጨሞጋንም ሌሎቹን መንገዶች፣ ማለትም ድርድርን፣ አሸማጋይን፣ የጸጥታው ምክር ቤትን፣ ከዲፕሎማሲ ውጪ ያለውን አጸፋ ዘርዝራችሁ ታማክሯታላችሁ።